166 ቃል የነበረ አጠቃሎ 100 ውስጥ እንዴት ገባ (ዋናው ግኝት ሳይወድቅ)

ባለፈው አንዲት ልጅ ማታ ሶስት ሰአት ላይ ደወለችልኝ፣ በአማርኛ ማስተማር ማስተርሷን ጨርሳ ቴሲሱን ለአንድ አውደ ጥናት ልታቀርብ ነው፣ የሚሞላው ፎርም ደግሞ አጠቃሎው ከ100 ቃል እንዳይበልጥ ይላል። «ጋሼ አልገባ አለኝ፣ ስለጥፈው መጨረሻውን እየቆረጠ ይጥለዋል» አለችኝ። ላኪልኝ አልኳትና አየሁት፣ ከዛ ወዲህ ሌሎች ሶስት አራት ልጆችም ተመሳሳይ ነገር ስለጠየቁኝ አንዴ ልጻፈውና ይለቅልኝ ብዬ ነው። አጠቃሎ፣ አኅጽሮተ ጥናት፣ አብስትራክት፣ እንደየዲፓርትመንታችሁ የምትሉት በሉት፣ ስራው አንድ ነው።

የሷን ፈቃድ ጠይቄ ነው የማሳያችሁ፣ ርእሱንና ቁጥሮቹን ግን ለማሳያ ብዬ ቀያይሬያቸዋለሁና እንደ ጥናት ውጤት እንዳትጠቅሷቸው። ይሄው፦

> ቋንቋ የሰው ልጅ ሐሳቡንና ስሜቱን የሚገልጽበት ዋነኛ የመግባቢያ መሣሪያ ነው። ከአራቱ የቋንቋ ክሂሎች አንዱ የሆነው ንባብ ደግሞ ተማሪዎች በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ውጤታማ እንዲሆኑ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ይሁን እንጂ በርካታ ተማሪዎች ያነበቡትን የመረዳት ችግር እንዳለባቸው ይስተዋላል። በመሆኑም የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ ተማሪዎች ከማንበባቸው በፊት ስለ ምንባቡ ራሳቸው ጥያቄ እንዲያወጡ ማድረግ አንብቦ የመረዳት ችሎታቸውን በማሻሻል ረገድ ያለውን ሚና መፈተሽ ነው። ይህንን ዓላማ ከግብ ለማድረስ ጥናቱ ከፊል ፍትነታዊ የምርምር ንድፍን ተከትሏል። የጥናቱ ተሳታፊዎች በአንድ ትምህርት ቤት በ2015 ዓ. ም. በ8ኛ ክፍል ሲማሩ የነበሩ በሁለት ምድብ የሚገኙ 84 ተማሪዎች ሲሆኑ አንደኛው ምድብ የፍትነት ሌላኛው ደግሞ የቁጥጥር ቡድን እንዲሆን ተደርጓል። መረጃው በፈተና፣ በምልከታና በጽሑፍ መጠይቅ የተሰበሰበ ሲሆን በአማካይ ውጤት፣ በመደበኛ ልይይትና በቲ ቴስት ተተንትኗል። ከመረጃ ትንተናው የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው ከትምህርቱ በፊት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልነበረም። ከትምህርቱ በኋላ ግን የፍትነት ቡድኑ ከቁጥጥር ቡድኑ የተሻለ ውጤት ያስመዘገበ ሲሆን ልዩነቱም ጉልህ ሆኖ ተገኝቷል። በተጨማሪም መሻሻሉ በይበልጥ የታየው በምንባቡ ውስጥ በግልጽ ያልተነገረን ሐሳብ በሚጠይቁ ጥያቄዎች ላይ ነው። በመጨረሻም ከግኝቶቹ በመነሣት መምህራን፣ የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችና የሚመለከታቸው አካላት ለንባብ ትምህርት ትኩረት ሊሰጡ እንደሚገባ አስተያየት ተሰጥቷል።

መጥፎ ጽሁፍ አይደለም፣ እንደውም አብዛኛው የኛ አጠቃሎ እንዲሁ ነው የሚጻፈው።

መጀመሪያ ቆጠራውን አስተካክሉ

እሷ 177 ቃል ነው አለችኝ፣ እኔ በእጄ ስቆጥረው 166 ነው። 11 ቃል ከየት መጣ? አረፍተ ነገሩ 11 ነው፣ እሷ ደግሞ አራት ነጥብን ሁልጊዜ ስፔስ አድርጋ ነው የምትጽፈው፣ ዎርድ በስፔስ የተለየን ነገር ሁሉ አንድ ቃል ብሎ ስለሚይዝ ብቻዋን የቆመች አራት ነጥብ እንደ ቃል ተቆጠረችባት። 11 ቃል በነጻ ሄደ ማለት ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፣ `Ctrl+H` ተጭናችሁ ስፔስና አራት ነጥብ ያለበትን ስፔስ በሌለው አራት ነጥብ መተካት ነው። ከዛ የአጠቃሎውን ጽሁፍ ብቻ ሰሌክት አርጋችሁ `Ctrl+Shift+G` ብትሉ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ፣ ሰሌክት ሳታደርጉ ከሆነ ግን ርእሱንም ስማችሁንም ቁልፍ ቃላቱንም ደምሮ ነው የሚነግራችሁ።

ሌላም አለ። «ዓ. ም.» መሀሉ ስፔስ ካለው ሁለት ቃል ነው፣ «ዓ.ም.» አንድ። `p < 0.05` እንዲህ ተራርቆ ሲጻፍ ሶስት ቃል ይሆናል፣ `p<0.05` ግን አንድ። «25 በመቶ» ሁለት ነው «25%» አንድ። እነዚህ ማታለል አይደሉም፣ ትርጉሙ አልተነካም። ግን እንደ «ትምህርትቤትተማሪዎች» አይነት ቃል ማጣበቅ ውስጥ አትግቡ፣ ሲያዩት ያስታውቃል፣ ገምጋሚውም ፊቱን ያጠቁራል።

ከዛ ፋይሉን ዝጉና ግኝቱን በአንድ አረፍተ ነገር ተናገሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ፋይሉን ከፍቶ ከላይ ጀምሮ እዚህ አንድ ቃል እዚያ ሁለት ቃል እየለቀመ ይቀንሳል፣ ሁለት ሰአት ይፈጅበትና 150 ላይ ይቆማል፣ ከዛ ተናዶ የመጨረሻውን አረፍተ ነገር በሙሉ ይሰርዛል። የመጨረሻው አካባቢ ያለው ደግሞ ውጤቱ ነው።

ስለዚህ ልጅቷን ስልክ ላይ «ጽሁፉን ተይውና ምን አገኘሽ?» አልኳት። «ስልቱ አንብቦ የመረዳት ችሎታን እንደሚያሻሽል» አለች። እሺ፣ ይሄንን አረፍተ ነገር የሌላ ሰው ቴሲስ ላይ ብንለጥፈው ይሄዳል አይሄድም? ይሄዳል። በማንበብ ስልት ላይ የተሰራ ጥናት ብዙው «የፍትነት ቡድኑ የተሻለ ውጤት አስመዘገበ» ይላል፣ ስልቱን ብቻ መቀየር ነው። ስለዚህ ያ የሷ አይደለም። «ሌላስ ምን አየሽ?» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ባክህ ጋሼ የገረመኝስ ሌላ ነው፣ መልሱ ምንባቡ ላይ ቁጭ ባለበት ጥያቄ ላይ ብዙ ለውጥ የለም፣ ያልተጻፈውን ራሳቸው ደርሰውበት የሚመልሱት ጥያቄ ላይ ነው የተሻሻሉት» አለች።

ይሄ ነው! አሁን ወደ ጽሁፉ ተመለሱና የት እንዳለ እዩት፣ አስረኛው አረፍተ ነገር ላይ፣ «በተጨማሪም» ብሎ የሚጀምረው። የቴሲሱ ልብ «በተጨማሪም» ተብሎ ገብቷል። ደግሞ ቁጥር እንኳን የለውም። ፎርሙ 100 ቃል ላይ ሲቆርጠው ምን እንደቀረ ቆጥሬ አየሁት፣ መቶኛው ቃል ሰባተኛው አረፍተ ነገር ውስጥ «በጽሑፍ መጠይቅ» የሚለው ላይ ነው የሚያልቀው። ማለትም ገምጋሚው ጋ የሚደርሰው መጠይቅ መበተኗን የሚናገር ግን ምን እንዳገኘች አንድም ነገር የማይናገር ጽሁፍ ነው።

የናንተንም እንዲሁ ፈትኑት፣ ግኝቴ ነው የምትሉትን አረፍተ ነገር ጓደኛችሁ የራሱ ቴሲስ ላይ ሳያፍር ሊጽፈው የሚችል ከሆነ ገና አላገኛችሁትም። አንዳንዴ አድቫይዘራችሁ ሲያነብ ጎኑ ላይ ምልክት ያደረገበት ቦታ ነው፣ አንዳንዴ ዲፌንስ ላይ በጣም የተጠየቃችሁበት ነው።

ቃሉ የት እንደሚሄድ እዩ

አሁን ክፍል ክፍሉን ቁጠሩ። የሷ ሲቆጠር መነሻው (ቋንቋ የሰው ልጅ ከሚለው ጀምሮ) 35 ቃል፣ አላማው 23፣ ዘዴው 51፣ ውጤቱ 41፣ አስተያየቱ 16 ነው። እዩት እንግዲህ፣ ዘዴው ከውጤቱ ይበልጣል፣ የራሷ የሆነው ግኝት ደግሞ ከ166ቱ 13 ቃል ብቻ ነው ያገኘው።

ሙሉ አረፍተ ነገር ነው መጀመሪያ የሚወድቀው፣ ቃል መልቀም በኋላ ይመጣል። የሷ መነሻ ሶስቱም ይውጡ፣ ምክንያቱም አውደ ጥናቱ የቋንቋ መምህራን ነው፣ ቋንቋ መግባቢያ መሆኑን ለነሱ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከባድ መስሎ የታያት ይሄ ነበር፣ «አድቫይዘሬ መግቢያ ያስፈልጋል ብሎኛል» አለች፣ ልክ ነው፣ 250 ወይም 300 ቃል ላለው ለቴሲሱ አጠቃሎ አንድ የክፍተት አረፍተ ነገር ያስፈልጋል፣ ማን ምን ሰርቶ ምን እንደቀረ የሚል። እዚህ የወጡት ሶስቱ ግን ክፍተት አያሳዩም፣ «ችግር ይስተዋላል» ብቻ ነው የሚሉት።

አስተያየቱም ይውጣ። «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡ ይገባል» የሚለው በየትኛውም ጥናት ጀርባ ላይ የሚሰፋ ኪስ ነው። ከግኝቱ በቀጥታ የሚወጣ አስተያየት ካላችሁ ግን እሱን አስገቡ፣ እሷ አላት፣ በኋላ ታዩታላችሁ።

35 እና 16 ሲወጣ 115 ቀረ። ገና 15 ይበልጣል፣ ደግሞ ቁጥሮቹን የምናስገባበት ቦታ እንፈልጋለን።

አላማና ዘዴን አንድ አረፍተ ነገር አርጓቸው

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል። «በማሻሻል ረገድ ያለውን ሚና መፈተሽ ነው» 6 ቃል ነው፣ «ያሻሽል እንደሆነ ተፈትሿል» 3 ቃል፣ ሀሳቡ ያው። ግሱ ራሱ ስራውን ሲሰራ «ሚና»፣ «ረገድ»፣ «ሁኔታ»፣ «ሂደት»፣ «አኳያ» የሚባሉት ሁሉ ይወድቃሉ። በራሳችሁ ጽሁፍ ላይ እነዚህን አምስት ቃላት ፈልጉ፣ በዙሪያቸው ሁልጊዜ ሶስት አራት ቃል ይገኛል።

እንዲሁም «ይህንን ዓላማ ከግብ ለማድረስ»፣ አራት ቃል፣ ባዶ። «ከመረጃ ትንተናው የተገኘው ውጤት እንደሚያሳየው»፣ አምስት ቃል፣ ባዶ፣ ከመረጃ ካልሆነ ከየት ሊመጣ ነው? «እንዲሆን ተደርጓል»፣ «ሆኖ ተገኝቷል» የሚሉትም በአንድ ግስ ያልቃሉ።

ዘዴው ላይ ምን ይቆይ ምን ይውጣ የሚለው ብዙ ያከራክራል፣ እኔ የምጠቀምበት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ያ መረጃ ባይኖር አንባቢው ውጤቱን በስህተት ይረዳዋል ወይ? የተማሪው ብዛት ይቆይ፣ ክፍሉ ይቆይ፣ ንድፉ ይቆይ፣ አንድ ትምህርት ቤት መሆኑ ይቆይ (እሱ ከወጣ ውጤቱ አገር አቀፍ ይመስላል)፣ የቁጥጥር ቡድኑ በምን እንደተማረም ባይጻፍም ይግባ። አመተ ምህረቱ ይውጣ። ምልከታና መጠይቁም ይውጡ፣ እዚህ የምንጠቅሰው ውጤት ሁሉ የፈተና ነውና። መደበኛ ልይይት፣ አማካይ ምናምን ብሎ መዘርዘርም አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ራሱ ሲቀመጥ አማካይ መሆኑ ይታያል። እሷ ያልጻፈችው ሌላም አስፈላጊ ነገር ነበር፣ ለስንት ጊዜ እንዳስተማረች። ስምንት ሳምንት። ሁለት ቃል ነው የሚፈጀው፣ አንድ ሳምንት ከሆነና ስምንት ሳምንት ከሆነ ግን ውጤቱ የሚታመነው እኩል አይደለም። ሲያሳጥሩ መጨመርም አለ ለማለት ነው።

ከዛ ግኝቱን ቁጥር አስይዙት

«የተሻለ ውጤት አስመዘገበ» ከሚል ይልቅ ስንት ከስንት መሆኑን ብትጽፉት በቃል ቁጥር ብዙም አይበልጥም፣ የሚነግረው ግን በጣም ይለያል። የሷ ፈተና ከ30 ነው፣ የፍትነት ቡድኑ 19.6 የቁጥጥር ቡድኑ 15.2 አመጡ፣ ልዩነቱ 4.4 ነው፣ ከዚህ ውስጥ 3.5ቱ ካልተነገረ ሀሳብ ጥያቄዎች የመጣ ነው። የቀረችው 0.9 መልሱ በግልጽ ካለባቸው ጥያቄዎች ነች፣ እሷም ጉልህ ሆና አልተገኘችም። ይሄንን ያልታየ ልዩነትም አስገቡት፣ ግኝቱን ግኝት ያደረገው እሱ ነው፣ እዚህ በደንብ ታይቶ እዚያ ጉልህ አለመሆኑ።

እዚህ ላይ ሶስት አደጋ አለ። አንደኛው «ጉልህ» የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ ቆጥሮ ማውጣት ነው፣ ወይም ለማሳመር ብሎ «ከፍተኛ» በሚል መቀየር። ጉልህ የስታትስቲክስ ቃል ነው፣ ትልቅ ማለት አይደለም። ሁለተኛው «በይበልጥ»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ይጠቁማል» የሚሉትን ለቃል ቁጠባ ማውጣት ነው፣ አንድ ቃል ታተርፉና «ይጠቁማል» የነበረው «ያረጋግጣል» ይሆናል፣ ከዛ ጥያቄና መልስ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ በ84 ተማሪ ምን አረጋገጥሽ ሲላት መልስ የላትም። ሶስተኛው አንድ ነገር ሲያጥር ማን ከማን እንደተወዳደረ መጥፋቱ ነው፣ «ቡድኑ ተሻሻለ» ካላችሁ ከበፊቱ ነው ወይስ ከሌላው ቡድን? ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው፣ የሚሰራላቸውም የስታትስቲክስ ፈተና የተለያየ ነው።

ይሄ ሆነ

> ተማሪዎች ከማንበባቸው በፊት ስለ ምንባቡ ራሳቸው ጥያቄ ማውጣታቸው አንብቦ የመረዳት ችሎታቸውን ያሻሽል እንደሆነ በአንድ ትምህርት ቤት 84 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በከፊል ፍትነታዊ ንድፍ ተፈትሿል። የፍትነት ቡድኑ ለስምንት ሳምንት በዚህ ስልት፣ የቁጥጥር ቡድኑ በተለመደው መንገድ ተምሯል። በቅድመ ትምህርት ፈተና ቡድኖቹ ጉልህ ልዩነት አልነበራቸውም፤ በድኅረ ትምህርት ፈተና ግን የፍትነት ቡድኑ አማካይ ከ30ው 19.6፣ የቁጥጥር ቡድኑ 15.2 ሆኗል (p<0.05)። ከ4.4 ነጥቡ ብልጫ 3.5ቱ የመጣው በምንባቡ በግልጽ ያልተነገረን ሐሳብ ከሚጠይቁ ጥያቄዎች ሲሆን በግልጽ የተነገረን በሚጠይቁት ላይ የታየው ልዩነት ጉልህ አይደለም። ስለዚህ ስልቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ተማሪዎች ከተጻፈው ተነሥተው ያልተጻፈውን እንዲረዱ ሲፈለግ ነው፤ መምህራንም ይህን ዓይነት ጥያቄ ባላቸው ምንባቦች ላይ ቢጠቀሙበት ይመከራል።

97 ቃል ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ይበልጥ» አልነበረችም፣ «ስልቱ የሚጠቅመው ... ሲፈለግ ነው» ብዬ ነበር፣ እሷ ናት «ሌላ ቦታማ አይጠቅምም አላልኩም እኮ» ብላ ያስመለሰችኝ፣ ትክክል ነች፣ አንድ ቃል ጨመርን። ሶስት ቃል ቀርቷል፣ እሷ «በቲ ቴስት» የሚለውን ላስገባበት አለች፣ እኔ ተይው አልኩ፣ `p` ካለ የስታትስቲክስ ፈተና መሰራቱ ይገባል፣ ደግሞ ፎርሙ ከዎርድ የተለየ አቆጣጠር ሊኖረው ስለሚችል ሁለት ሶስት ቃል ክፍት መተው ይሻላል። ገምጋሚያችሁ የመተንተኛውን ስም የግድ የሚፈልግ ከሆነ ግን ቦታው አለ፣ አስገቡት።

ከመላካችሁ በፊት

አጠቃሎው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ምእራፍ አራት ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት። የሷ ላይ 19.6 የነበረው ሰንጠረዡ ላይ 19.58 ነው፣ ያ ችግር የለውም፣ ተጠጋግቶ ነው፣ ግን የሁለቱ ልዩነት የተሰላው ከተጠጋጋው ነው ከዋናው? አንድ ላይ ወስኑ፣ 4.4 እና 4.38 በሁለት ቦታ እንዳይገኙ።

ከዛ ለሌላ ትምህርት ዘርፍ ሰው ስጡትና አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ቀምታችሁ «ምን አገኘች?» በሉት። እሷ ለወንድሟ ሰጠችው፣ ኢንጂነር ነው፣ «ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ሲያወጡ የተደበቀውን ነገር መረዳት ይችላሉ፣ የታየውን ግን ያው ነው» አላት። «ስለ ንባብ ነው» ብሎ ቢመልስ ኖሮ ገና ነው ማለት ነበር።

እንግሊዝኛም አምጡ የምትባሉ ካላችሁ ደግሞ የድሮውን ረጅሙን እንዳትተረጉሙ፣ ያጠረውን ተርጉሙ። ያም ሆኖ ይረዝማል፣ እኛ ጋ «ከማንበባቸው» አንድ ቃል ነው፣ እነሱ ጋ ከ፣ እነሱ፣ ማንበብ ብሎ ተለያይቶ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 97 የነበረው እዚያ ከመቶ በላይ ነው የሚወጣው። ለእንግሊዝኛው የተለየ ልክ ካልተሰጣችሁ አዘጋጆቹን ጠይቁ፣ መልስ ካልሰጡ የሁለተኛውን አረፍተ ነገር አሳጥራችሁ ወደ አንደኛው ጨምሩ እንጂ አራተኛውን አትንኩት።

ልጅቷ አምስት ሰአት ተኩል ላይ ላከችው፣ እኔም ተኛሁ።